«ጥፋት አለብን አንልም፤ ለመነጋገር ግን ዝግጁ ነን»

ደብዳቤው ቢበዛ ሁለት ገጽ ነው። ከላይ የኢንሹራንስ ኩባንያው ስም፣ ከሥሩ የክሌም ቁጥሩ፣ የደንበኛው ስምና አደጋው የደረሰበት ቀን ተጽፏል። የተላከው ለተጎጂው ጠበቃ ነው። ኩባንያው በመጀመሪያው አንቀጽ የካሳ ጥያቄው እንደደረሰው ያረጋግጣል። በሁለተኛው ደንበኛው ለአደጋው ኃላፊ ነው ብሎ እንደማይቀበል በግልጽ ያስቀምጣል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ቃናው ይለወጣል። ጉዳዩን ያለ ፍርድ ቤት ለመጨረስ ፈቃደኛ መሆኑን ይጠቅስና ተጨማሪ የሕክምና ማስረጃ እንዲላክለት ይጠይቃል፤ አንዳንዴም አንድ የገንዘብ መጠን ይጠራል።

ይህን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ተጎጂ ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ ይናደዳልም። ጥፋተኛ አይደለሁም የሚል ሰው ለምን ገንዘብ ያቀርባል? ገንዘብ የሚያቀርብ ከሆነስ ጥፋቱን ለምን አያምንም? በኢትዮጵያ የሽምግልና ወግ ላደገ ሰው ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። ሽማግሌዎች ፊት የተቀመጠ በዳይ መጀመሪያ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ካሳው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን ካሳው ይመጣል፣ «አጥፍቻለሁ» የሚለው ቃል ግን እስከ መጨረሻው አይመጣም።

ግራ መጋባቱ የሚፈታው ደብዳቤው የሚጻፍበትን አገር ሕግ ሲያውቁ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል ኑሯቸውን በመሪ ላይ የመሠረቱ፣ ወይም በየቀኑ ከሥራ ወደ ሥራ በመኪና የሚመላለሱ በርካቶች ናቸው። የመኪና አደጋ ክሌም በእነዚህ ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን በሜሪላንድ ሕግ መነጽር ማየቱ የሚጠቅመው ሰው ብዙ ነው።

ሜሪላንድን ከአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚለያት አንድ አሮጌ ደንብ አለ። ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ምንም ካሳ አያገኝም። ሌላኛው ሾፌር 95 በመቶ፣ ተጎጂው 5 በመቶ ጥፋተኛ ቢሆኑ የተጎጂው ድርሻ 95 በመቶ ሳይሆን ዜሮ ነው። መነሻው በ1809 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ምሰሶ አጋድሞ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ፈረሱን በኃይል እየጋለበ መጥቶ ተደናቅፎ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ ጋላቢው ቢጠነቀቅ ኖሮ ምሰሶውን ያየው ነበር ብሎ ካሳ ከለከለው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ደንቡን በ1847 ተቀበሉት፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ጉዳይ ሌላ መንገድ ይከተላል። በአንቀጽ 2098 መሠረት ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል እንጂ እንዲያው አይቀርም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶችም እንደዚሁ ጥፋትን ያካፍላሉ። ዜሮ የሚያደርገውን ደንብ ይዘው የቀሩት ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አላባማና ዋሽንግተን ዲሲ ናቸው። ዲሲ በ2016 ባወጣው ሕግ በመኪና ለተገጩ እግረኞችና ብስክሌተኞች ደንቡን አላልታለች፤ እነሱ ካሳ የሚከለከሉት ጥፋታቸው ከሌላው ወገን ሲበልጥ ነው። መኪና ውስጥ ላለ ሾፌር ግን ዲሲም ውስጥ አሮጌው ደንብ አልተነካም።

ደንቡ ምን ያህል እንደሚከብድ በ2013 በሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተወሰነ አንድ ጉዳይ ያሳያል። በ2008 በሃዋርድ ካውንቲ አንድ ወጣት የእግር ኳስ ልምምድ ሲያግዝ የጎሉን አግዳሚ ብረት ይዞ ተንጠለጠለ። ጎሉ መሬት ላይ አልታሰረም ነበርና ተገልብጦ ፊቱን ሰበረው። ጁሪው የእግር ኳስ ማኅበሩ ቸልተኛ ነበር አለ። ወጣቱም ቸልተኛ ነበር ሲል ጨመረ። በሁለተኛው መልስ ምክንያት ወጣቱ አንድ ሳንቲም አላገኘም። ጠበቆቹ ደንቡ እንዲለወጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ዳኞቹ ግን በአብላጫ ድምፅ ይህን መለወጥ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሥራ ነው ብለው መለሱ። ምክር ቤቱ እስካሁን አልለወጠውም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። በእንዲህ ያለ ሕግ ሥር «ኃላፊነትን አንቀበልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለኢንሹራንሱ ትልቅ ዋጋ አለው። ተጎጂዋ ትንሽ ጥፋት እንደነበረባት ማሳየት ከቻለ አንድም ነገር አይከፍልም። ማሳየት ካልቻለ ሙሉውን ይከፍላል። መሐል ቤት የለም። ፍርድ ቤት ሁሉንም ወይም ምንም ከሚሰጥበት ቦታ ይልቅ በድርድር መሐሉን ማግኘት ለሁለቱም ወገን ይሻላል፤ ደብዳቤው በአንድ እጁ የሚከለክለው፣ በሌላው የሚጠራውም ለዚህ ነው።

አንድ የተቀናበረ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ በየጠበቃው ቢሮ ከሚታየው ግን የራቁ አይደሉም። በቤት ውስጥ የአረጋውያን እንክብካቤ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በመጋቢት 2022 በሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስትነዳ አጠገቧ ያለ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ከመስመሩ ወጥቶ ጎኗን ይመታታል። የቫኑ ሾፌር ለፖሊስ «ወደ እኔ መስመር የገባችው እሷ ናት» ይላል። እሷ ደግሞ ተቃራኒውን ትናገራለች። ገለልተኛ ምስክር አልተገኘም። ፖሊሱ ሁለቱንም ቃል መዝግቦ ጥፋተኛ ሳይለይ ይሄዳል።

የድንገተኛ ክፍል 4,200 ዶላር፣ ኤምአርአይ 1,800 ዶላር፣ ፊዚዮቴራፒ 3,600 ዶላር ይወጣል። ለስድስት ሳምንት ሥራ አልገባችምና 4,400 ዶላር ደመወዝ ቀርቶባታል። ድምሩ 14,000 ዶላር ነው። ጠበቃዋ ሕክምናው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ መዝገቡን አሰባስቦ፣ ለሥቃዩና ለደረሰባት እንግልት የሚገባውን ጨምሮ 45,000 ዶላር የሚጠይቅ የካሳ መጠየቂያ ደብዳቤ ለቫኑ ኢንሹራንስ ይልካል።

መልሱ በጥር 2025 መጨረሻ ይደርሳል። በአማርኛ ሲቀመጥ ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል፦

«ለስምምነት ንግግር ብቻ የተጻፈ። የደንበኛዎ የካሳ ጥያቄ ከአባሪዎቹ ጋር ደርሶናል። ባደረግነው ማጣራት መሠረት የእኛ ደንበኛ ለአደጋው ኃላፊ መሆኑን አንቀበልም። ደንበኛዎ መስመራቸውን አለመጠበቃቸውንና ለአደጋው አስተዋጽኦ ማድረጋቸውን የሚያመለክት መረጃ አለን። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ የተደረገው ሕክምናም ከአደጋው ጋር ያለው ግንኙነት አልተረጋገጠም። ይህ አቋማችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የክርክርን ወጪ ለማስቀረት ጉዳዩን በ11,500 ዶላር ለመጨረስ ፈቃደኞች ነን። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ኃላፊነትን እንደማመን ወይም ማንኛውንም መከላከያ እንደመተው የሚቆጠር ነገር የለም። የአሠሪያቸውን የደመወዝ ማረጋገጫና ቀድሞ የነበራቸውን የሕክምና መዝገብ ቢልኩልን ጥያቄውን እንደገና ለማየት ዝግጁ ነን።»

ተጎጂዋ ይህን ስታነብ የሚታያት «መስመራቸውን አለመጠበቃቸውን» የሚለው ነው። «እኔን ነው ውሸታም የሚሉኝ?» ብላ ጠበቃዋን ብትጠይቅ አይፈረድባትም። ጠበቃው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ኩባንያው ቁጥር ጠርቷል፤ የጎደለውን ማስረጃም በስም ዘርዝሯል። ጥያቄውን ጨርሶ የማይቀበል ኩባንያ የደመወዝ ማረጋገጫ አይጠይቅም። ልክ ያልሆነ ነገር እንዳይከፍል መጠኑን እያጣራ ነው ማለት ነው፤ መጠን የሚያጣራ ደግሞ ለመክፈል ያሰበ ነው።

ከላይ የተጻፈው «ለስምምነት ንግግር ብቻ» የሚለው መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ይገባል። ከ1994 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የሜሪላንድ የማስረጃ ደንብ ቁጥር 5-408 አለ። አከራካሪ በሆነ ጉዳይ ላይ ለስምምነት የቀረበ ገንዘብና በስምምነት ንግግር ላይ የተነገረ ቃል፣ ጥያቄው ትክክል ነው ወይም አይደለም፣ ወይም መጠኑ ይህን ያህል ነው ለማለት በማስረጃነት አይቀርብም። የፌዴራሉ ደንብ 408ም በ1975 ተመሳሳዩን ደንግጓል። እነዚህ ደንቦች ባይኖሩ የተጎጂዋ ጠበቃ 11,500 ዶላሩን ይዞ ጁሪ ፊት ይቆምና «ጥፋት ከሌለበት ለምን ሊከፍል ፈለገ?» ይል ነበር። ያን ጊዜ ማንም ኢንሹራንስ ቁጥር አይጠራም፤ ድርድር የሚባል ነገርም አይኖርም። ጥበቃው ለተጎጂዋም ይሠራል። ጠበቃዋ ነገ 26,000 ዶላር እቀበላለሁ ቢል፣ ከስምምነት ባይደርሱና ክሱ ቢቀጥል ኢንሹራንሱ «ጉዳቷ የሚያወጣው 26,000 ነው ብላ ነበር» ብሎ ጁሪ ፊት ማቅረብ አይችልም።

እነዚህ ደንቦች ከመምጣታቸው በፊት የድሮው ልማዳዊ ሕግ ጠባብ ነበር። የቀረበውን ገንዘብ ይከላከል ነበር እንጂ በንግግሩ መሐል የታመነን ፍሬ ነገር አይከላከልም። «ደንበኛችን መብራቱን ጥሷል፤ እንስማማ» ብሎ የጻፈ፣ ገንዘቡ ቢደበቅለት እንኳ «መብራቱን ጥሷል» የሚለው ፍርድ ቤት ይቀርብበት ነበር። ጠበቆች ከዚህ ለማምለጥ ደብዳቤው መብታቸውን እንደማይነካ በየገጹ አናት መጻፍ ለመዱ። ሕጉ ከተሻሻለ በኋላም ልማዱ አልቀረም። የጽሑፉን ዓላማ ጥርጥር በሌለበት መንገድ ስለሚያሳይ ዛሬም ጥቅሙ አልጠፋም።

ነገር ግን መስመሩ የሚከልለው ሁሉንም አይደለም። ከሌላ ምንጭ ሊገኝ የሚችል ማስረጃ በድርድር ላይ ስለተጠቀሰ ብቻ አይደበቅም። በምሳሌያችን አደጋው ሲደርስ የካውንቲው አውቶቡስ ከኋላ ነበር እንበል። ኢንሹራንሱ የአውቶቡሱን የካሜራ ምስል በደብዳቤ ቢያነሳ ምስሉ ምስጢር አይሆንም፤ የተጎጂዋ ጠበቃ ከምንጩ ጠይቆ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይችላል። እንዲህ ያለ ምስል በሳምንታት ውስጥ በሌላ ሊሸፈን ስለሚችል ጥሩ ጠበቃ እንዲቀመጥ የሚጠይቀውን ደብዳቤ የሚልከው ጉዳዩን በያዘበት ሳምንት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠይቆ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ባዶ መልስ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ደንቡ የሚሠራው ክርክር ሲኖር መሆኑ ነው። ከአደጋው በኋላ መንገድ ዳር ላይ የተባለ ቃል የስምምነት ንግግር አይደለም። ይህ ለእኛ ሰው በተለይ ያስፈልጋል። አማርኛ ተናጋሪ ከመኪናው ወርዶ የሌላውን ሾፌር ደህንነት ሲጠይቅ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው «ይቅርታ» ነው። በእንግሊዝኛ ሲነገር ደግሞ ጥፋትን እንደማመን ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ከአደጋው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ደውሎ ድምፅ እየቀዳ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። «ለሥራ ትንሽ ዘግይቼ ነበር» የሚል ቀላል ቃል በሜሪላንድ አንድ በመቶ ጥፋት ፍለጋ ለሚሄድ ሰው መነሻ ይሆነዋል። ተጎጂ ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ በድምፅ የሚቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም። ለራሱ ኢንሹራንስ ግን በውሉ መሠረት የመተባበር ግዴታ አለበትና ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ኢንሹራንሱ ጥፋትን ላለማመን ሌላም ምክንያት አለው። በሕግ ፊት ተጠያቂው ኩባንያው ሳይሆን ሾፌሩ ነው። ክስ ቢመሠረት የሚከሰሰው ሾፌሩ ወይም አሠሪው ሲሆን፣ ጁሪውም ጥፋት አለ የለም ለማለት ኢንሹራንስ መኖሩን እንዲያስብበት አይፈቀድም። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፈው ሠራተኛ «ጥፋቱ የኛ ነው» ቢል በሌላ ሰው ስም እያመነ ነው። የመድን ውሉ ራሱም ሾፌሩ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ኃላፊነት እንዳይቀበልና ክፍያ ቃል እንዳይገባ ብዙ ጊዜ ይከለክለዋል።

ይህ ግንኙነት በሌላ በኩል በሩ እንዳይዘጋም ያደርጋል። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1967 በሰጠው ውሳኔ፣ ኢንሹራንስ በመድን ውሉ ጣሪያ ውስጥ ያለን የስምምነት ጥያቄ ያለ በጎ ፈቃድ ገፍቶ ደንበኛው ከጣሪያው በላይ ቢፈረድበት ኩባንያው ራሱ ለትርፉ ሊጠየቅ ይችላል። በሜሪላንድ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 30,000 ዶላር ነው። ጉዳቱ ከዚህ የሚበልጥና ሽፋኑ ዝቅተኛ ሲሆን የተጎጂ ጠበቃ ሽፋኑን በሙሉ የሚጠይቅ፣ ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ይጽፋል። ኢንሹራንሱም እንዲያው «አይሆንም» ከማለት ይልቅ ኃላፊነቱን እየካደም ማስረጃ እየጠየቀ ንግግሩን ማቆየት ይመርጣል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ትህትና ውስጥ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ይኸውም ይርጋው ነው። በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ምክንያት ከሚደርሱት ጉዳቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ በቸልተኝነት ለደረሰ የአካል ጉዳት ክስ ማቅረቢያው ሦስት ዓመት ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ለደረሰ አደጋ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በአንድ ቀን ሦስቱንም ለሚነዳ ሾፌር አደጋው የደረሰበት ቦታ ትርጉም አለው። ድርድር ይርጋን አያቆምም። «ለመነጋገር ዝግጁ ነን» የሚል ደብዳቤም አያቆመውም። ማስረጃ መላላክ፣ ስልክ መደዋወል፣ «በሚቀጥለው ሳምንት መልስ እንሰጣለን» መባባል እያለ ቀኑ ካለፈ ኢንሹራንሱ በማግሥቱ ድርድሩን ቢያቆም ተጎጂው የሚይዘው መሣሪያ የለውም። የካሳ ጥያቄ ክብደት የሚኖረው ከጀርባው ክስ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ደብዳቤው ላይ «ማንኛውንም መከላከያ እንደመተው የማይቆጠር» የሚለው ሐረግ ይርጋን ጭምር ይዟል፤ አንባቢው ለዚህ ሐረግ ከቁጥሩ እኩል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

በምሳሌያችን አደጋው የደረሰው መጋቢት 2022 ነው። ደብዳቤው ሲደርስ የቀረው ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ጠበቃው ሁለት ምርጫ ነበረው። አንዱ የይርጋ ማቆያ ውል በጽሑፍ መፈራረም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የፈራሚው ማንነት ነው፤ የሚከሰሰው ሾፌሩና የቫኑ ባለቤት ናቸውና የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ብቻ የጻፈው ኢሜይል በኋላ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛው ምርጫ ክስ ማስገባት ነው። ጠበቃው በየካቲት 2025 ሮክቪል በሚገኘው የካውንቲው ሰርኪት ፍርድ ቤት ክሱን አስገባ። ድርድሩም አልተቋረጠም። ብዙ ተጎጂዎች ክስ ከገባ ንግግር ያበቃ ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጉዳዮች የሚያልቁት ግን ክስ ከገባ በኋላ፣ ችሎት ከመቆሙ በፊት ነው።

ድርድሩ ምን ላይ እንደሚያርፍ ለማየት የሁለቱንም ወገን ስሌት መመልከት ይበቃል። ጠበቃዎቹ ጁሪ ለተጎጂዋ ከፈረደ 40,000 ዶላር አካባቢ ሊሰጣት ይችላል ብለው ያስባሉ እንበል። ምስክር ስለሌለ የማሸነፍ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ለኢንሹራንሱ ይህ 20,000 ዶላር ማለት ነው። ለመከላከያ ጠበቃና ለሐኪም ምስክር 12,000 ዶላር ቢያወጣ በአማካይ 32,000 ይደርሳል። ለተጎጂዋም 20,000 ነው፤ ሐኪሟ ለሚሰጠው ምስክርነት 5,000 ዶላር ቢወጣ 15,000 ይቀራታል። ከ15,000 በላይና ከ32,000 በታች ያለ ማንኛውም ቁጥር ሁለቱንም ከችሎት የተሻለ ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው 11,500 ከዚህ ክልል ውጭ ነበር፤ 45,000ውም እንደዚሁ። ጠበቃው የደመወዝ ማረጋገጫውን ላከ፤ ከአደጋው በፊት ለአንገቷ ታክማ እንደማታውቅ የሚያሳይ መዝገብም ጨመረበት። ኩባንያው ወደ 17,000 ከዚያም ወደ 20,000 ወጣ፣ ጠበቃው ከ38,000 ወደ 29,500 ከዚያም ወደ 26,000 ወረደ፣ በሰኔ በ23,000 ዶላር ተስማሙ።

የአውቶቡሱ ምስል ተገኝቶ ቫኑ መስመሩን ሲስት ቢያሳይ ኖሮ የማሸነፍ ዕድሏ ከግማሽ ወደ ዘጠኝ አሥረኛ ይወጣ ነበር፤ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል። ምስሉ እሷን ስልክ ስትነካ ቢያሳይ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር። እንደ ጆርጂያ ጥፋትን በሚያካፍል ክፍለ ግዛት ቢሆን ግን ስልኩ ካሳዋን ይቀንስባት ነበር እንጂ ብዙ ጊዜ አያጠፋባትም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ አንድ ዓይነት ቃል ይዞ፣ በሁለት ክፍለ ግዛት ሁለት የተለያየ ክብደት አለው።

ከ23,000ው ተጎጂዋ ኪስ የሚገባው ስንት ነው? የጠበቃ ክፍያ በእነዚህ ጉዳዮች ከተገኘው ላይ የሚቆረጥ ሲሆን የተለመደው ከክስ በፊት አንድ ሦስተኛ፣ ክስ ከገባ በኋላ 40 በመቶ ነው። ክሱ ገብቷልና 9,200 ዶላር ይሄዳል። ለፍርድ ቤት፣ ለመጥሪያና ለሕክምና መዝገብ ቅጂ 600 ዶላር ወጥቷል። የጤና ኢንሹራንሷ ሐኪሞቹን ከፍሎ ስለነበር 5,200 ዶላር እንዲመለስለት ጠየቀ፤ ጠበቃው ተደራድሮ ወደ 3,600 አወረደው። የቀራት 9,600 ዶላር ነው። የካሳ መጠየቂያው ደብዳቤ ሕክምናው እንዳለቀ ተልኮ ቢሆንና ከክስ በፊት በዚያው ቁጥር ቢስማሙ ኖሮ የጠበቃው ድርሻ 7,667 ዶላር ይሆን ነበርና ከ1,500 ዶላር በላይ ተጨማሪ ይደርሳት ነበር። ለአካል ጉዳት የተከፈለ ካሳ እንደ ገቢ ስለማይቆጠር በአጠቃላይ የፌዴራል ግብር አይከፈልበትም።

ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የምትፈርመው ሰነድ አለ፤ በሠፈሩ ሰው አፍ «ሪሊዝ» ይባላል። ከአደጋው የተነሳ ከዛሬ በኋላ ምንም ነገር እንደማትጠይቅ ይገልጻል። አንገቷ ከዓመት በኋላ እንደገና ቢያማት ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋት ጉዳዩ ተመልሶ አይከፈትም። ስለዚህ ሐኪሙ ሕክምናው ማለቁን ሳያረጋግጥ መፈረም አደገኛ ነው። መኪናው የተሠራበት ክፍያ አስቀድሞ ተከፍሎ ከነበረም ያኛው ወረቀት የንብረት ጉዳትን ብቻ የሚመለከት መሆኑን ማየት ይገባል፤ አንዳንዱ ሰነድ የአካል ጉዳቱንም አብሮ የሚዘጋ ቃል በመሐሉ ይይዛል።

ሪሊዙ ላይ፣ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው አንቀጽ አጠገብ፣ ያ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ዳግም ይመጣል። ክፍያው አከራካሪ የሆነን ጥያቄ ለመጨረስ የተደረገ እንጂ የኃላፊነት እምነት አይደለም ይላል። ጥፋቱን ሾፌሩ በአንደበቱ እንዲያምንላት የምትፈልግ ተጎጂ ይህን መንገድ ትታ ችሎት መቆም ትችላለች። ጁሪው የሚሰጣት ግን ይቅርታ ሳይሆን በአንድ ቅጽ ላይ የተጻፈ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፤ ከዚያው ቅጽ በታች ባለው ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ እሷስ ቸልተኛ ነበረች ወይ ተብሎ ይጠየቃል። እሷ ሪሊዙን ፈረመች። ቼኩ በጠበቃው የአደራ ሂሳብ ገባ፤ ከጸዳ በኋላ የጤና ኢንሹራንሱ ድርሻ ተላከ፣ የእሷም ከዝርዝር ስሌቱ ጋር ተሰጣት።